ሰባት ጊዜ ሰላም

ቦሌ መድኃኔዓለምን! ይህ የምነግራችሁ ታሪክ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። አውቃለሁ፣ አንድ ጊዜ ከቡልቡላ ማሳ የተነሳ ጅብ አውሮፕላን ጎማ ሥር ተወሽቆ ድሬዳዋ ወርዷል ብዬ ግማሽ ሰፈር አሳምኛለሁ። ጅቡን ተዉት። ይኼኛው ሌላ ነው። በዚህኛው ላይ ብዋሽ ምላሴ ይያዝ።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሁለት፣ ወሩ ኅዳር። ቦሌ መንገድ ላይ አለም የምትባል ሴት ኢንተርኔት ቤት ከፍታ ነበር። አራት ኮምፒዩተር፣ አንድ የስልክ መስመር። መስመሩ ዝናብ ሲጥል ይሞታል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ያኮርፋል። የኔ ሥራ ለደንበኛ የኢሜይል አድራሻ ማውጣት ነበር። ትምህርትና እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ብንለያይም ጣቴ ፈጣን ነው። ምላሴም ከጣቴ አይዘገይም።

ጋሽ ወልደጻድቅ የመጡት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ የሚኖሩ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት መሥሪያ ቤት ውስጥ የአቤቱታ ደብዳቤ ሲቀበሉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ክራቫታቸውን እሑድም ቅዳሜም የማይፈቱ ሽማግሌ። እጃቸው ላይ የታጠፈች ወረቀት ነበረች። የልጃቸው የማኅደር የኢሜይል አድራሻ ነው። ከአንድ ጓደኛዋ ለምነው ነው ያገኙት።

«ለእኔም አንድ አውጣልኝ፣ ልጄ፤ በስሜ» አሉ።

እዚህ ላይ ነው ነገር ያበላሸሁት። ክራቫቷን አየሁ፣ ሰይጣን ጆሮዬ ላይ ሳቀ። «ጋሼ፣ ስምዎ ተይዟል» አልኳቸው።

«ማን ያዘው?»

«ሌላ ወልደጻድቅ።»

ትንሽ አሰቡ። የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩና «ተይዟል» የሚል ቃል ይገባቸዋል። «እንግዲህ ያለውን ስጠኝ» አሉ። ዕድሜያቸውን ጠየቅሁና «ቦሌቦይ61»፣ የቦሌ ጎረምሳ እንደማለት፣ ብዬ መዘገብኳቸው። ለሦስት ቀን ብቻዬን ሳቅሁ።

ጋሽ ወልደጻድቅ በእንግሊዝ ፊደል፣ አንድ አንድ ቁልፍ እየፈለጉ፣ «ሰላም» ብለው ጻፉ። ርዕሱም ሰላም፣ ውስጡም ሰላም። ስም የለ፣ ጉዳይ የለ። ላኩና ባርኔጣቸውን አነሱ።

«ሌላ ነገር አይጨምሩበትም?» አልኳቸው።

«ሰላምታ ሳይመለስ ጉዳይ አይነገርም። ሠላሳ ሁለት ዓመት መስኮት ላይ ተቀምጫለሁ። ደህና ዋሉ ብሎ መልሱን ሳይጠብቅ ችግሩን የሚዘረግፍ ሰው ደስ አይለኝም። እኔ ሰላም እላለሁ፤ እሷ ሰላም ትላለች፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

በማግስቱ መጡ፤ መልስ የለም። ደግመው ሰላም አሉ። ሐሙስ፣ ዓርብ። ቅዳሜ መስመሩ ሞቶ ዋለ። እሑድ እንኳ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላቸውን እንደለበሱ ብቅ አሉ፤ አለም ቤቷን ልትጠርግ መጥታ ስለነበር ከፈተችላቸው። በሁለተኛው ማክሰኞ ሰባተኛውን ሰላም ላኩ። ከዚያ ከወንበሩ ሳይነሱ ቀሩ።

«አልመለሰችም» አሉ። «አልፈርድባትም። የሚያሳስበኝ ቀኑ ነው። ሰኞ ሆስፒታል እገባለሁ፤ ሆዴ ውስጥ የበቀለ ነገር አለ፤ ማክሰኞ ቀደው ያወጡታል። ሐኪሙ እንሞክራለን እንጂ ዋስትና የለኝም አለኝ። ከመተኛቴ በፊት አንዲት ቃል ከእሷ ብሰማ ነው የምፈልገው። ይቅር ብላኝ አይደለም። ብቻ አንዲት ቃል።»

አለም ሒሳብ መጻፏን ተወች። «ከልጅዎ ጋር ምን ሆናችሁ ነው፣ ጋሼ?»

ነገሩን አጫወቱን። ማኅደር ብቸኛ ልጃቸው ናት። ሾላ ገበያ ቅመም የሚነግዱ ቤተሰብ ልጅ፣ ሱሌማን የሚባል፣ ወደደች። አባቷ እምነቱ የኛ አይደለም ብለው እምቢ አሉ። ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመው «ከዛሬ ጀምሮ አባትሽ አይደለሁም» አሏትና የግቢውን በር ዘጉ። አራት ዓመት ሆነው። ከባሏ ጋር ናይሮቢ ናት።

አለም ወንበሯን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ጋሼ፣ አይቆጡኝ። እኔ እዚህ ቤት አንድ ዓመት ተኩል ተቀምጬ የማየው ማን መልስ እንደሚያገኝና ማን እንደማያገኝ ነው። እዚያ ጥግ የሚቀመጠው ቀጭኑ ልጅ በቀን ለአርባ ሴት ሃይ ይላል። አርባውም ዝም ይሉታል።»

«ሥነ ሥርዓት የላቸውም» አሉ ጋሽ ወልደጻድቅ።

«አይደለም። ፊት ለፊት ሰላም ሲሉኝ ክራቫትዎን አያለሁ፣ ፈገግታዎን አያለሁ፤ መልሱ ቀላል ነው። እዚህ ግን የሚታየው ሰላም ብቻ ነው። ማን ነው? ምን ፈልጎ ነው? ሴትየዋ ምን ብላ ትመልስ? ሰላም ብላ መለሰች እንበል፣ ቀጥሎስ? ወሬውን የመጀመር ሥራ ሁሉ እሷ ላይ ተጫነ። ደግሞ ያንኑ ቃል በዚያው ጠዋት አሥር ሰው ልኮላታል። አንዱ ከአንዱ አይለይም።»

«ታዲያ ውብ ነሽ፣ ዓይንሽ እንደ ኮከብ ምናምን ይባል?» አልኩ እኔ።

«አንተ ዝም በል፣ ወንድወሰን። ያም ያው ነው፤ ለማንም ይላካል።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ባለፈው ወር አንዱ ልጅ፣ ብስክሌት እወዳለሁ ብላ ስለ ራሷ ለጻፈች ሴት ምን እንዳላት ታውቃላችሁ? ‹ጉርድ ሾላ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ተበጥሶብሽ ያውቃል? እኔ ጉልበቴ ላይ ጠባሳው አለ› አላት። ከወንበሩ ሳይነሳ መልስ መጣለት። የጻፈችውን አንብቧል፣ ከራሱም ትንሽ ሰጥቷል፣ ጥያቄውም በአንድ መስመር የሚመለስ ነው።»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ደብዳቤ ከሆነ ለኔ ተዉት!» ብዬ ቁጭ አልኩና «ከሁሉ አስቀድሜ እንደ ምድር አሸዋ እንደ ሰማይ ከዋክብት የበዛ ናፍቆት አዘል ሰላምታዬ ካለሽበት ቦታ ይድረስሽ፤ እኔ አምላክ ይመስገን...» እያልኩ ግማሽ ገጽ ሞላሁ።

አለም አነበበችና ሰረዘችው። «ይኼ ረጅም ሰላም ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው? የማኅደርን ስም አውጥተህ የማንንም ስም ብታስገባበት ይሄዳል። ደግሞ እስከ መጨረሻው ማን ያነባል? መጀመሪያ የሚታያት የላኪው ስምና ርዕሱ ብቻ ነው። እሱን አይታ ነው የምትከፍተው ወይ የምትጥለው።» ከዚያ ዓይኗ የላኪው ስም ላይ አረፈ። «ይኼ... ቦሌቦይ... ምንድን ነው?»

ሰባት ጊዜ፣ ልጅቱ የአባቷን ሰላም የአንድ ዱርዬ ሰላም መስሏት ጥላዋለች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ተነሳሁና እዚያው አለም ፊት «ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ስምዎ አልተያዘም ነበር። ልቀልድብዎት ብዬ ነው» አልኩ። ጋሽ ወልደጻድቅ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ «ተወው፣ ልጄ፤ ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቦይ ሆኜ አላውቅም ነበር» አሉኝ። ስሙን እንቀይረው ስላቸውም «አይሆንም፤ ሰባት ጊዜ በዚህ ስም ያንኳኳሁ ሰው ስም ለውጬ አልመጣም» አሉ።

«እንግዲያው ርዕሱ ላይ አባትሽ ነኝ ይበሏት» አለች አለም።

«አልችልም።»

«ለምን?»

«አይደለሁም ብያታለሁ። አባት የሚለውን ቃል ራሴው ወስጄ ራሴው አልመልሰውም። እሷ ናት የምትመልስልኝ።»

አለም አልተከራከረችም። «እሺ። እርስዎና እሷ ብቻ የምታውቁት ነገር ምን አለ? ትልቅ ነገር አይሁን። ይቅርታ አይሁን፤ ይቅርታ ቢጠይቋት መልሱ ከባድ ነው፣ ሳምንት ሙሉ ታስብበታለች። ቀላል ነገር።»

ጋሽ ወልደጻድቅ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዟዟሩት። ከዚያ፣ «ዘይቱን» አሉ።

«ዘይቱን?»

«አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ በሸኖ ለጋ ቅቤ ቆርቆሮ የዘይቱን ፍሬ ተከለች። በኋላ ወደ ግቢው አዛወርናት። ውስጧ ቀይ ይሆናል አለች፤ እኔ ነጭ ነው አልኩ። ተወራረድን። ዛፏ አላፈራ ብላ ስንት ዘመን ቆየች። ዘንድሮ መስከረም አፈራች።»

«ቀይ ናት ነጭ?» አልኩ ሳላስበው።

«ቀይ።»

«ውርርዱስ በምን ነበር?»

«ረስቼዋለሁ» አሉ፤ ሲሉትም እንደ ማፈር አደረጋቸው።

አለም ቁልፎቹን ወደ እሳቸው ገፋች። «ይኸው። እሱን ይጠይቋት።»

ርዕሱ ላይ «የቆርቆሮዋ ዘይቱን አፈራች» ብለው ጻፉ። ውስጡ ደግሞ እንዲህ፦ «ውስጧ ቀይ ነው። ረትተሽኛል። የተወራረድነው በምን ነበር? እኔ ረሳሁት።» ሌላ የለም። ለዚያች ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀባቸው፤ ማንም አላገዛቸውም። መላኪያዋን ሲጫኑ ጣታቸው ቁልፏ ላይ ቀረች፣ ደወል እንደሚደውል ሰው።

ረቡዕ መልስ የለም። ሐሙስ መስመሩ ሞተ። ዓርብም አልተነሳም። አለም ቴሌ ሄዳ ጮኸች፣ እኔም ሄጄ በሬ ገመዱን በላው ብዬ ተማጸንኩ፣ አልሰሙኝም። ቅዳሜ ጋሽ ወልደጻድቅ መጥተው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በጠፋ ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጡ። እሑድም እንዲሁ። ሰኞ ጠዋት ፒጃማና ፎጣ የያዘች ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥለው ገቡ። ታክሲው ውጭ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃቸዋል።

መስመሩ በሦስተኛው ጥሪ ያዘ። አንድ አዲስ ደብዳቤ ነበር። የተላከው ረቡዕ ማታ ነው።

መነጽራቸው ቦርሳው ሥር ስለነበር አለም አነበበችላቸው፦

«አባባ፣ የተረታ ለአንድ ወር የግቢውን በር ይከፍታል ነበር ውርርዳችን። ደወል በተደወለ ቁጥር፣ ዝናብም ቢሆን። አድራሻዬን ናይሮቢ ያለን ሐበሾች የምንገናኝበት ገጽ ላይ ካወጣሁት ወዲህ በቀን አሥር ሃይ፣ አሥር ሰላም ይመጣልኛል፤ ሳልከፍት እጥላለሁ። ቦሌቦይንም ስንት ጊዜ እንደጣልኩት አላውቅም። የዘይቱኗን ግን ሌላ ማን ያውቃል? ለገና እኔና ሱሌማን ልንመጣ እያሰብን ነው። ዕዳህን ትከፍላለህ?»

ጋሽ ወልደጻድቅ አለምን «መጨረሻውን ድገሚልኝ» አሏት። ደገመችላቸው። «እከፍታለሁ በይልኝ» አሉ። ከዚያ ሐሳባቸውን ቀየሩና ራሳቸው ተቀምጠው «እከፍታለሁ» የሚለውን አንድ አንድ ፊደል ለቀሙ። ባለታክሲው ጥሩንባ ነፋ። ቀና ብለው ወጡ።

ከሕክምናው ተረፉ። ለገና ደወሉ ሲደወል፣ ስፌታቸው ገና ሳይጠግግ፣ ጎረቤት ልክፈትልዎት ቢላቸው ተቆጥተው፣ ግድግዳ ይዘው ሄደው ከፈቱ። ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው። ቦርሳ እንድሸከም ጠርተውኝ ነበር።

እንግዲህ ጨረስኩ። ግን ምላሴ ይያዝ ብያለሁና አንዲት የፈጠርኳት ነገር አለች። አለም «ቦሌቦይ ምንድን ነው?» ስትል ተነስቼ አልተናዘዝኩም። «ኮምፒዩተሩ ነው ያወጣው» አልኩና ዓይኔን ወደ መስኮት መለስኩ። ቦይ ሆኜ አላውቅም ነበር የሚለውንም ቀልድ የፈጠርኩላቸው እኔ ነኝ። ጋሽ ወልደጻድቅ እስከ ዛሬ ሌላ ወልደጻድቅ ስማቸውን የያዘው ይመስላቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ «ልጄ» ይሉኛል፣ ዘይቱን በፌስታል ያመጡልኛል። እኔም በየሳምንቱ አፌን ከፍቼ «ጋሼ፣ ሰላም ነው?» እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መስመር እስካሁን አልመጣልኝም።