ሁለተኛው ፊርማ

ባፈናን ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን ያመጧት እጇን ወደ ኋላ በገመድ አስረው ነው። ግራና ቀኟን ሁለት የወንድሟ ልጆች ይዘዋታል፤ ከፊት ታላቅ ወንድሟ መሪጌታ ዘርአ ዳዊት፣ ከኋላ ደግሞ አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት ዘንቢል አንጠልጥላ ትከተላለች። ማክሰኞ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። የደብረ ብርሃን ብርድ በነሐሴ ማንንም አይምርም፤ እሷ ግን ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ የሚያነሣላት እንኳ አጥታ በቀጥታ ወደ ፊቷ እያየች ትራመዳለች።

ዶክተር ዩምና ይህን በአእምሮ ሕክምና ክፍሉ መስኮት አየች። ዩምና የአረርቲ ልጅ ናት፤ ከተመረቀች ዓመት አልሞላትም፤ በዚህ ክፍል ገና ሦስተኛ ወሯ ነው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነባሩ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወልደኪዳን አንድ ቅጽ ይዞ መጣ። ያለ ፈቃድ የማስተኛ ቅጽ ነው። ከታች ሁለት የፊርማ ቦታ አለው፤ አንደኛው ተፈርሟል።

«ዶክተር፣ እዚች ላይ ፈርሚልኝ። አልጋ አሥራ አንድ ተለቋል፤ ሳይያዝብን።»

ዩምና አነበበችው። «ለራሷና ለሌላው አደገኛ ነች። ሌላ አማራጭ የለም» ይላል። ሌላ የተጻፈ ነገር የለም።

«ጋሼ ወልደኪዳን፣ ምን አድርጋ ነው?»

«መቃብር ስትቆፍር ተያዘች። የወንድሟን። ሊይዟት ሲሉ ዶማ አነሣች። ከአሥር ዓመት በፊትም እዚሁ ተኝታ ታውቃለች፤ ባይፖላር ናት። ምን ቀረሽ?»

«ማን አየ?»

«መሪጌታ ነገሩኝ። የቤተ ክህነት ሰው ናቸው እኮ፣ አይዋሹም!»

«አይዋሹም። ግን ዐይተዋል?»

ወልደኪዳን መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን አሸ። መጥፎ ሰው አይደለም። ከንጋት ጀምሮ ሃያ ሦስት ሰው አይቷል፤ ዩምና ስትመጣ መርፌ አወጋጉን፣ የተቆጣ ሰው አቀራረቡን ያስተማራት እሱ ነው። «አንቺ ልጅ፣» አለ፣ «እዚህ ቤት ቤተሰብ ከፈረመ ያልቃል። አራተኛው ጥያቄ ላይ ሁላችንም ‹የለም› ነው የምንለው።»

አራቱን ጥያቄዎች ዩምና በቃሏ ታውቃቸዋለች። ሰውየው ከባድ የአእምሮ ሕመም አለበት ወይ? በሕመሙ ምክንያት በራሱ ወይም በሌላው ላይ ቅርብና ከባድ አደጋ፣ አለዚያም ብርቱ መባባስ ይመጣል ወይ? ስለ ሕክምናው አመዛዝኖ መወሰን አቅቶታል ወይ? ከተቆለፈ ክፍል የቀለለ፣ ነጻነቱን ባነሰ መጠን የሚነካ መንገድ ጠፍቷል ወይ? የሆስፒታሉ መመሪያ አራቱም «አዎ» ካልሆኑ አይሆንም ይላል። ሁለቱ ፈራሚዎችም ለየብቻቸው መርምረው እንጂ አንዱ የሌላውን ገልብጦ አይፈርምም።

«ሳላያት አልፈርምም፣» አለች።

«እሺ፣ እያት። አልጋው ቢያዝ ግን እኔ የለሁበትም።»

ዩምና መጀመሪያ ገመዱን አስፈታች። የወንድም ልጆቹ «ታመልጣለች» ብለው ተከራከሩ። በሩን ከፍታ ጥበቃውን ከውጭ፣ ንግግር ከማይሰማበት ርቀት ላይ አቆመችና ሌላውን ሰው ሁሉ አስወጣች። የባፈና አንጓ ተልጧል፤ ቀይ መስመር ወጥቶበታል። ሙቀቷን፣ ደም ግፊቷንና ስኳሯን ለካች፤ ደህና ነው።

«እትዬ ባፈና፣ ዩምና እባላለሁ፤ ሐኪም ነኝ። እዚህ ያለ ፈቃድዎ ይተኙ ወይስ አይተኙ የሚለውን ለመወሰን ነው የማነጋግርዎ። የሚሉትን እጽፋለሁ።»

«ጻፊ። እብድ ናት ብለሽም ጻፊ፤ ስም ካወጡልኝ ቆይቷል። ግን የሠራሁትን ትክክል ጻፊ!»

«ምን ሠሩ?»

ባፈና ፈጠን ፈጠን እያለች ትናገራለች፤ ሲያቋርጧት ግን ትቆማለች። ታናሽ ወንድሟ ወልደተንሣኤ ከሞተ ሠላሳ ስምንት ቀኑ ነው። ከነገ ወዲያ፣ ሐሙስ፣ አርባው። ዝናቡ መቃብሩን አስምጦት ውሃ ቋጥሯል። ዘርአ ዳዊት ደግሞ ‹ሐውልት ሠሪው እስኪመጣ አይነካ› ብሏል።

«ወንድሜ ውሃ ውስጥ ተኝቶ አርባ አይወጣለትም። አፈር በዘንቢል ተሸክሜ ሄድኩ። ዶማው አፈሩን መደልደያ ነው። እኔ አልቆፈርኩም፤ እየሞላሁ ነበር። ሴት ልጅ መቃብር ላይ ዶማ ስትይዝ ሲያዩ፣ በኛ አገር ያ የወንድ ሥራ ነውና፣ ‹አውጥታ ልታቅፈው ነው› አሉ። አስቢው እስቲ!»

«ዶማ አንሥተውባቸዋል ወይ?»

«ከኋላዬ ሦስት ሆነው ሲይዙኝ አነሣሁ። ማን እንደያዘኝ ሳይ ጣልኩት። አልዋሽሽም።»

ዩምና ከባዱን ጥያቄ ሳትሸፋፍን ጠየቀች። «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ? አሁንስ?»

«ያኔ፣ ከአሥር ዓመት በፊት፣ ገደሉን ሳየው ይጠራኝ ነበር። አሁን የለም። አሁን የምሞት ብሆን መቃብሩን ማን ሊሞላው ነው?»

ድምፅ አትሰማም። ትበላለች። ግን እንቅልፏ በሌሊት ወደ ሦስት ሰዓት ብቻ ወርዷል፤ ለቅሶ ላይ ተቀምጣ መድኃኒቷ ካለቀባት አሥራ አምስት ቀን ሆኗታል።

«እንዲህ ከቀጠለ ምን ይመጣል ይመስልዎታል?»

«ምን ይመጣል? አውቀዋለሁ። አንድ ሳምንት ካልተኛሁ ገበያ መሀል እሰብካለሁ። መድኃኒቱን ስጪኝ፣ እውጠዋለሁ። ተኚ ካልሽኝ ግን አልተኛም። የወንድሜ አርባ ላይ ካልቆምኩ እድሜዬን ሙሉ ስቆጭ እኖራለሁ። ይኸው፣ አመዛዘንኩልሽ!»

ዩምና ሳታስበው ፈገግ አለች። ከዚያ ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ልትደውል መሆኑን፣ ስለ ሕመሟ ግን ምንም እንደማትነግረው ነግራት ፈቃዷን ጠየቀች። «ደውዪ፣ እውነቱን ከሱ ስሚ» አለች ባፈና። ባፈና ስትያዝ ዘበኛው ቦታው ላይ ነበር። «ቁፋሮማ የለም» አለ። «ጉድጓዱ እስከ ግማሽ ሞልቷል፤ አፈሩ ትኩስ ነው። ዶማውን ከራሷ በላይ አነሣችው፣ ወዲያው ጣለችው። ሰው አልነካችም።»

ዩምና ቅጹ ላይ መጻፍ ጀመረች። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳየ፣ የባፈናን ቃል በራሷ አነጋገር፣ የዘበኛውን ለብቻ። ዶማ መነሣቱን አልደበቀችም። የእጇን ቁስልም ጻፈች። «ሕመም፦ አዎ፣ ሊያገረሽ ጀምሯል። ቅርብና ከባድ አደጋ፦ ዛሬ አላገኘሁም። የመወሰን አቅም፦ አለ። ቀላል መንገድ፦ አልተሞከረም። ያለ ፈቃድ በማስተኛቱ አልስማማም።» ሰዓቱን መዝግባ ፈረመች።

ስትወጣ መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ከወንበራቸው ተነሡ።

«ፈረምሽ?»

«ፈርሜያለሁ፤ አልስማማም ብዬ።»

«አልስማማም?» ኮሪደሩ ላይ ያለው ሁሉ ዘወር አለ። «ያን ጊዜ አራት ቀን ጠፍታ ገደል አፋፍ ላይ ያገኘኋት እኔ ነኝ! አንቺ የት ነበርሽ? አንድ ወንድም ቀብሬያለሁ፤ እህት አልቀብርም። ከአፈር በታች ከምትሆን ከቁልፍ ኋላ ትሁንልኝ!»

 ዩምናም አምና አባቷን ቀብራለች፤ ይህን ዓይነቱን ፍርሃት ታውቀዋለች። ቢሆንም አልተመለሰችም። «መሪጌታ፣ ፍርሃትዎን እጽፈዋለሁ፤ የያኔውንም። ፍርሃትዎ ግን እሷን አይቆልፋትም።»

«ምን ዓይነት ድፍረት ነው!»

ሁለቱ ባለሙያዎች ካልተስማሙ ኃላፊው ስፔሻሊስት ራሱ በአካል መርምሮ ይወስናል። ዶክተር ሠረቀብርሃን ከስብሰባ ተጠርተው መጡ፤ ፊታቸው ጠቁሯል። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አስቀምጠው አነበቡ።

«ወልደኪዳን፣ ያንተ ሁለት መስመር ነው።»

«ሃያ ሦስት ሰው አይቻለሁ ዛሬ፣ ዶክተር።»

«አውቃለሁ። እሷን ግን ከሃያ ሦስቱ አንዷ አድርገህ ነው ያየሃት።» ወደ ዩምና ዞሩ። «አንቺም አትኩሪ። ‹ቀላል መንገድ አልተሞከረም› ብለሻል። የትኛው? ዛሬ ማታ የት ታድራለች? መድኃኒቱን ማን ያያል? ብትባባስ ማን ይደውላል? ይህ ካልተጻፈ ያንቺም ገጽ ባዶ ነው። ባዶ እጇን ሸኝቶ መብት ማክበር የለም!»

ዩምና ፊቷ ጋለ። እውነታቸውን ነው። እሳቸው ባፈናን ሊያዩ ሲገቡ እሷ ወደ ኮሪደሩ ተመለሰች።

«እቤቴ አላስገባትም፣» አሉ መሪጌታ ገና ሳትጠይቃቸው። «ልጆች አሉ። ኃላፊነቱን አልወስድም።»

ያኔ ባለሻሿ ሴት ዘንቢሏን መሬት አኖረች። ኩብራ ትባላለች፤ የአልዩ አምባ ተወላጅ፣ ጎረቤላ በርበሬ ነጋዴ፣ የባፈና የግድግዳ ጎረቤት። ከወንዶች ጋር ብቻዋን አትሄድም ብላ መኪናው ላይ የወጣች እሷ ነች።

«እኔ ዘንድ ትሁን። ወላሂ፣ ቤቴ ይበቃናል።»

«አንቺ?» አሉ መሪጌታ።

«እኔ! ሥጋችንን አብረን አንበላም እንጂ መድኃኒት አብሮ መዋጥ የከለከለ የለም። እንቅልፍ እንቢ ባላት ቀን የማውቀው እኔ ነኝ፤ በግድግዳው የምሰማት እኔ እንጂ እርስዎ አይደሉም።»

ከውስጥ የባፈና ድምፅ መጣ። «ኩብራ! ሽሮሽ ጨው ይበዛዋል፤ እሱን አስጽፊያት!»

ወልደኪዳን ሳቀ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ስልኩን አወጣና ለጎረቤላ ጤና ጣቢያ ነርስ ደወለላት፤ ያሠለጠናት እሱ ነው። «ከነገ ጀምሮ በየጠዋቱ ታይልሻለች» አለ ለዩምና፣ ዐይኑን ሰብሮ።

ዶክተር ሠረቀብርሃን ወጡ። «የዩምናን ውሳኔ እወስዳለሁ። ያለቀባትን የቀድሞ መድኃኒቷን ዛሬ እንጀምር፣ የማታውም ያስተኛታል።» ወደ መሪጌታ ቀርበው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መሪጌታ፣ እህትዎን ከቁልፍ ይልቅ የሚያረጋጋት አንድ ነገር አለ። ጉድጓዱን ያስሞሉት።»

መሪጌታ ስልካቸውን አወጡ። ለቅሶ ያልወጣላቸው ሰው ፊት ነበራቸው። ከዚያ ለዕድር ዳኛው ደወሉ፤ «አምስት ወንድ፣ ዛሬውኑ፣ አፈርና ድንጋይ» ብለው ዘጉት። 

ዩምና ዕቅዱን ጽፋ ለባፈናና ለኩብራ ጮክ ብላ አነበበችው። ኩብራ ቤት ታድራለች። ጠዋት ጤና ጣቢያ። ሁለት ሌሊት ካልተኛች፣ መድኃኒቱን ካልወሰደች ወይም ሞትን ካሰበች ኩብራ ትደውላለች፤ ባፈናም ወዲያው ትመጣለች፤ አልመጣም ካለች ጥያቄዎቹ እንደ አዲስ ይጠየቃሉ፣ ያኔ መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

«እሱ ማስፈራሪያ ነው፣» አለች ባፈና።

«አዎ። ደብቄው ከምጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።»

«እሺ፣ እውነት ነው። ይቆይ።»

መሪጌታ ከበሩ ላይ ዞሩ። «አንድ ነገር ብትሆን፣ ስምሽ እዚያ ላይ አለ፣ ልጄ።»

«ለዚህ ነው በሚነበብ ጽሑፍ የጻፍኩት፣» አለች ዩምና። ከዚያ ወደ ባፈና ዞረች።

«የሐሙስ ቀጠሮ ይዤልዎታለሁ፤ እዚሁ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።»

ባፈና ነጠላዋን አስተካከለች። «ሐሙስ የወንድሜ አርባ ነው አልኩሽ እኮ! ሰው አትሰሚም እንዴ? አርብ አድርጊው።»

ዩምና «ሐሙስ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዛ ከላዩ «አርብ» ጻፈች። በጎኑም ፈረመችበት።