ስለ ካፖርቱ የተጻፈ ይቅርታ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ላውንደሪው ገና ሳይከፈት፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ባለ ሱቋ፣ የኢንሹራንሱ ወኪልና ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ተቀባይዋ። ልብስ ሰፊው አራተኛ ሊባል ይችል ነበር። እሱ ግን በሩን ተደግፎ ቆመ እንጂ አልገባም። ከገባሁ አስተያየት እጠየቃለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው ነው።

የተሰበሰቡት ስለ አንድ ግራጫ ካፖርት ነው። ካፖርቱ ጡረታ የወጡ የአንዲት መምህርት ባል ልብስ ነበር። ሰውየው ከሞቱ ወዲህ ማንም አልለበሰውም። መምህርቷ ግን ገበሩ መተርተሩን አይተው ይሰፋልኝ ብለው አመጡት። ለተቀባይዋ ሲሰጧትም ኮሌታውን በመዳፋቸው ሸፈን አድርገው፣ «አደራ እንዳይታጠብ። እሱ እሱን የሚሸት የቀረኝ ይኼ ብቻ ነው» አሏት።

ተቀባይዋም አደራውን አልናቀችም። ወደ ማጠቢያ ክፍሉ በምታሳየው መስኮት ብቅ ብላ ለአጣቢው «ያ ግራጫ ካፖርት አይታጠብም» አለችው፤ እሱም «ሰማሁ» አላት። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሁሉ የሚነገረው በአፍ ነው። በማግስቱ ግን አጣቢው ታሞ ቀረና ሌላ ሰው ተተካ። ተተኪው ካፖርቱ ላይ የታሰረውን ቢጫ የጥገና ካርድ አየ፤ የቤቱንም ደንብ ያውቃል። ሰፊው አቧራ ያፍነዋል። ስለዚህ እዚያ ቤት ያልታጠበ ልብስ ወደ ስፌት ጠረጴዛ ሄዶ አያውቅም። ሰውየው ካፖርቱን አጠበው፤ ሰፊውም ገበሩን አሳምሮ ሰፋው። መምህርቷ መጥተው ፊታቸውን ኮሌታው ውስጥ ቀበሩና ለረጅም ጊዜ ቀና አላሉም። ቀና ሲሉም አልጮኹም። «ምን እንደተደረገ በጽሑፍ ስጡኝ» ብቻ ብለው ሄዱ።

«እስቲ የጻፍሽውን አንብቢልን» አላት ወኪሉ።

ተቀባይዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «‹የተከበሩ ደንበኛችን፣ ካፖርቱ እንዳይታጠብ ነግረውን ሳለ በእኛ ጥፋት ታጥቧል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።›»

«አበቃ?»

«አበቃ።»

«እህቴ፣ አንቺ ብቻሽን ፍርድ ቤቱንም ዳኛውንም ሆነሻል» አለ ወኪሉ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲቀልድ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። «በውሉ ላይ አንድ አንቀጽ አለ። የእኛ ኩባንያ በጽሑፍ ሳይፈቅድ ጥፋትን ማመን፣ ካሳ እከፍላለሁ ብሎ ቃል መግባት አይቻልም። ያመናችሁ እንደሆነ ደንበኛው ሲከስ ኩባንያው ‹ራስህ አምነሃል፣ ራስህ ተወጣው› ይላል። አዝነናል በሉ፣ እሱን ማንም አይከለክላችሁም። አጥፍተናል አትበሉ።»

«የምንጣፉን ሰውዬ ረሳሽው?» አለች ባለ ሱቋ። «የይቅርታ ደብዳቤያችንን አንጠልጥሎ የት የት እንዳዞረን? ሁለተኛ እንዲያ አልሆንም።»

«እሳቸው የሚከሱ አይመስሉኝም፣ እትዬ።»

«ምንጣፉም የሚከስ አይመስልም ነበር።»

ሰፊው በሩ ላይ ሆኖ ሳቅ አለ።

ወኪሉ ወንበሩን አስጠግቶ ከጎኗ ተቀመጠና ቃል በቃል አስጻፋት። «በእኛ ጥፋት» ወጣና «ለደረሰብዎት ቅሬታ የተሰማንን ልባዊ ሐዘን እንገልጻለን» ገባ። የሚቀጥለውን ልብስ ያለ ክፍያ ማጠብ ተጨመረ፤ ያውም «በበጎ ፈቃድ» ተብሎ፣ ካሳ እንዳይመስል። መጨረሻ ላይ «ይህ ደብዳቤ የኃላፊነት ማመኛ ተደርጎ አይወሰድም» የሚል መስመር ተቀመጠ። ተቀባይዋ ይኼን ሁሉ ያለ ቅሬታ ጻፈች። «እንዳይታጠብ ነግረውን ሳለ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ጣቷ ቆመ።

«እሱንም አውጪው» አለ ወኪሉ። «በምትኩ ‹መመሪያውን በመቀበልና በመረዳት ረገድ በተፈጠረ ክፍተት› በዪ።»

«ነግረውናል እኮ።»

«ማን ሰማ?» አለች ባለ ሱቋ።

«እኔ።»

ወኪሉ መነጽሩን አውልቆ ጠራረገ። «ምናልባት ይቻል ይሆናል፤ ግን ዋናው ቢሮ ሳያየው በራሴ እሺ አልልም። ልጠይቅላችሁ?»

«ሴትየዋ ደብዳቤውን ዛሬ ነው የሚጠብቁት» አለች ባለ ሱቋ። «ክፍተት ማለት ምን ነውር አለው? ክፍተቱ የማን እንደሆነ አልተባለ።»

ተቀባይዋ እንደገና ልትናገር አፏን ከፈተች። ወዲያው ግን ክፍተቱ የማን ነው ተብሎ መቆፈር ቢጀመር፣ አደራውን በካርዱ ላይ ሳትጽፍ በመስኮት ተናግራ የተወችው ራሷ መሆኗ ትዝ አላት። አፏን መልሳ ዘጋችና ጻፈችው። ደብዳቤው ታተመ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት።

«ሰጥተሽ፣ መቀበያ ወረቀቱ ላይ አስፈርመሽ ተመለሺ» አለቻት ባለ ሱቋ። «ማብራሪያ ውስጥ እንዳትገቢ። አደራ።»

የመምህርቷ ቤት ከላውንደሪው ብዙም አይርቅም። በሩን የከፈተላት ልጃቸው ነበር፤ የጎልማሳ ሰው ፊትና ያልተኛ ሰው ዓይን ያለው። ሳሎኑ ውስጥ ግማሽ ድረስ የሞሉ ካርቶኖች ተደርድረዋል። መምህርቷ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ሳይነሱ፣ «ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ካርቶን ስላየሽ አትደንግጪ፤ ገና አልተወሰነም» አሏት።

«ተወስኗል፣ እማዬ» አለ ልጃቸው።

«በቅድመ ሁኔታ ነው የተወሰነው። ንገራት፣ ባዳ አይደለችም፤ ካፖርቱን የተቀበለችኝ እሷ ናት።»

ልጃቸው ወደ ተቀባይዋ ዞረ፤ ነገሩን ለሰው መናገሩ ሳያሳፍረው አልቀረም። «ምድጃ ለኩሳ ትወጣለች። ቁልፍ በር ላይ ትተዋለች። ብቻዋን ስትኖር እንቅልፍ የለኝም። እኔ ጋ ትግባ ነው ያልኩት፣ ሌላ አይደለም።»

«ስለ ምድጃው አልከራከርም፤ ረስቻለሁ» አሉ መምህርቷ። «ቀጥሎ ግን ‹ለላውንደሪውም እንዳይታጠብ ሳትነግሪያቸው ቀርተሽ ነው› አለኝ። እሱን እንቢ አልኩ። ያንን እንኳ ረስቼ ከሆነ፣ እውነትም ብቻዬን የምኖር ሰው አይደለሁም፤ ዕቃዬን ጭኜ እሄዳለሁ። ነግሬያቸው ከሆነ ግን ልጄ አፉን ይዘጋል፣ እኔም ቤቴ እቀመጣለሁ። የተስማማነው እንዲህ ነው። በይ ስጪኝ።»

ተቀባይዋ ፖስታውን ሰጠቻቸው። መምህርቷ እንደ ፈተና ወረቀት ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመና ወደ ኋላ ተመለሰ።

«ጽሑፉ ንጹሕ ነው» አሉ። «ይቺ ‹ክፍተት› የምትለው ግን አልገባችኝም። አልነገርኳችሁም ማለት ነው?»

«እማዬ፣ በቃ» አለ ልጃቸው በለስላሳ ድምፅ። «ነግረሻቸው ቢሆን ‹ነግረውን ነበር› ይሉ አልነበር? ሰዎቹ አንቺን ላለማሳፈር ነው በትሕትና የጻፉት።»

«አንተን አልጠየቅሁም።» ወደ ተቀባይዋ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ስሰጥሽ ምን አልኩሽ? እኔ ያልኩ ይመስለኛል። ግን ምድጃውንም ያጠፋሁ ይመስለኝ ነበር።»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አራት አምስት ቃል ቢሆን ነው። ግን የባለ ሱቋ «አደራ» ከኋላ ያዛት፤ መስኮቱ ትዝ አላት፤ ሥራዋ ትዝ አላት። «ደብዳቤው ላይ እንዳለው ነው፣ እትዬ» አለች፤ ድምፁ የሷ አልመሰላትም።

መምህርቷ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እስክሪብቶ ጠይቀው መቀበያው ላይ ፈረሙ፤ ፊርማቸው ቀጥ ያለ ነበር። «አመሰግናለሁ። ለአለቃሽም አመሰግናለሁ በያት። እኔ ሰው ላይ አላክክም፤ ካልነገርኩ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ተቀባይዋ መንገዱን እንዴት እንደተመለሰች አላወቀችም። መደርደሪያው ጋ ቆማ ደንበኛ ሲያናግራት ሁለት ጊዜ «ምን አሉኝ?» አለች። አመሻሹ ላይ ሰፊው መርፌውን በመርፌ መሰኪያዋ ትራስ ላይ ሰክቶ፣ «ምነው ዛሬ የተጠመዘዘ ልብስ መሰልሽ?» ሲላት አላስቻላትም፤ የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

ሰፊው ስቆ አላለፈውም። «ሂጂና ለእትዬ ንገሪያት» አላት።

ባለ ሱቋ የቀኑን ሥራ ልትዘጋ ነበር። ተቀባይዋ እንደ ቆመች፣ ካርዱ ላይ አለመጻፏን ሳትደብቅ፣ ካርቶኖቹን፣ ምድጃውን፣ የእናትና ልጁን ስምምነት አንድ በአንድ ነገረቻት። ባለ ሱቋ ሰምታ ስትጨርስ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ ገንዘብ የሚፈልጉ መስሎኝ» አለች። «ሰው ደብዳቤ ሲጠይቅ ለክስ ነው ብዬ። አንቺስ ምነው ጠዋት ሳለን አልጮህሽም?»

«ለሥራዬ ፈራሁ።»

«እኔም ለሥራዬ ፈራሁ» አለች ባለ ሱቋና ስልኳን አንስታ ለወኪሉ ደወለች።

ወኪሉ በማግስቱ ዋናውን ቢሮ ጠየቀ። ሐሙስ ጠዋት ደወለ፤ ድምፁ ቅር ያለው ይመስላል። «ፈቅደዋል። ደንበኛዋ ያሉትን እንዳሉት መመስከር ፍሬ ነገር መናገር እንጂ ኃላፊነት መቀበል አይደለም አሉኝ። የመጨረሻዋ መስመር ብቻ እንዳትቀር። ማክሰኞ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ...» አለና አልጨረሰውም።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ተቀባይዋ ራሷ ጻፈችው። «ካፖርቱን ሲያስረክቡ እንዳይታጠብ በግልጽ መናገርዎን የተቀበለችዎ ሠራተኛችን አረጋግጣለች። ማሳሰቢያዎ በሥራ ሂደታችን ውስጥ ለአጠበው ሠራተኛ አልደረሰም። ቀደም ሲል የጻፍነው ደብዳቤ ይህን ባለመግለጹ በጣም እናዝናለን።» ባለ ሱቋ ፈረመችበት፤ ማኅተሙንም ራሷ መታችው።

ተቀባይዋ ስትደርስ የቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሁለት ሰዎች ቁም ሣጥን ተሸክመው ይወጣሉ። መምህርቷ ባዶው ሳሎን ውስጥ በአንድ የቀረ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ደብዳቤውን ቆማ ሰጠቻቸው፤ ሳይጠይቋትም ተናገረች። «ነግረውኛል። ‹አደራ እንዳይታጠብ› ብለውኛል። ኮሌታውን ይዘው ነው የነገሩኝ። ማክሰኞ ሲጠይቁኝ ዋሸሁዎት።»

መምህርቷ አነበቡት። እንደገና አነበቡት። ከዚያ አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ደግ ልጅ ነሽ» አሏት። «ማክሰኞ አንጀትሽን በልቼሽ ሄደሽ ነበር መሰለኝ።»

«አይደለም፣ እትዬ። እውነት ነው።»

«ይሆናል። ማክሰኞ የመጣውም ወረቀት ማኅተም ነበረበት፤ የዛሬውም አለበት። እሱን አምኜ ራሴን ለሦስት ቀን ‹አልተናገርሽም› ስለው ከረምኩ። አሁን መለስ ብዬ ሳስበው፣ ካፖርቱን ስሰጥሽ ይታየኛል፣ አፌ ግን አይንቀሳቀስም።» እጇን ያዝ አድርገው ለቀቁት። «ባታዝኚ ነው ደስ የሚለኝ። መቀበያ አለው? አምጪ ልፈርም።»

ልጃቸው ደጁ ላይ ቆሞ ደብዳቤውን ተቀብሎ አነበበ። ወደ እናቱ አየ፣ ወደ ተቀባይዋ አየ። ቤቱ ተከራይቷል፤ ተከራዮቹም ቅዳሜ ይገባሉ።

መምህርቷ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ቤት ገቡ።