የወልቂጤው ፎልደር

ተማሪዋ አደይ ቢሮው በር ላይ ቆማ ስሟ የተፈታኞች ዝርዝር ውስጥ እንደሌለ ስትናገር፣ ሰልሚያ መጀመሪያ አላመነቻትም። ልጅቷ ደንግጣ አሳስታ አንብባ ይሆናል ብላ ተነስታ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ራሷ አየችው። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ቆጠረችው። አርባ ስም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በገዛ እጇ ያስገባችው ግን አርባ አንድ ነበር።

ሰልሚያ በአንድ የግል ጤና ኮሌጅ የቡታጅራ ቅርንጫፍ ሬጅስትራር ናት። የተማሪው መዝገብ ያለው ዋናው ቢሮ ወልቂጤ ባለ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ፣ እዚያ ያለው ሠራተኛ ሰይዶ ከወንበሩ በሚነሳበት ሰዓት እሷ ከቡታጅራ ሆና በሪሞት፣ ኮምፒውተሩን በኢንተርኔት ከሩቅ ከፍታ፣ ትገባና ትመዘግባለች። የ2009 ዓ.ም. ኅዳር ነበር። ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወዲህ ኢንተርኔቱ ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይጠፋል። ማክሰኞ ነበረ፤ ሐሙስ ጠዋት የለም። ዝርዝሩም የመጣው ረቡዕ ማታ በፋክስ ነው።

ወዲያው የኮሌጁ ኃላፊ አቶ ገብረወልድ ዘንድ ወልቂጤ ደወለች። እሳቸው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። የብቃት ምዘናው ነገ መሆኑን፣ መመዝገቢያው ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት መዘጋቱን፣ ከዚያ በኋላ በቃል ብቻ ስም መጨመር እንደማይችሉ በዝግታ አስረዷት።

«ከመዘጋቱ በፊት መግባቷን የሚያሳይ ነገር ካለሽ፣ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አምጪ» አሏት። «ከሌለሽ ግን ረስተሻታል ማለት ነው።»

ሰልሚያ አልረሳችም። መዝግባ ስትጨርስ ሁልጊዜ እንደምታደርገው የዊንዶውሱን ቁልፍ ከፕሪንት ስክሪን ጋር ተጭና የገጹን ፎቶ አንስታለች። ኮምፒውተሯን ከፈተችና የፎቶ ፎልደሩ ውስጥ ገባች። የማክሰኞ ፎቶ የለም። የተሰረዘ ነገር የሚጠራቀምበትንም አየች፤ እዚያም የለም። አደይ ጥግ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን የምትቆጥር ይመስል ታፍተለትላለች። የሦስት ዓመት ትምህርቷ፣ አረቅጥ ያሉ ወላጆቿ፣ ሁሉም እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡ ለሰልሚያ መሰላት። ቀና ብላ ማየት አቃታት።

የኮሌጁን ኮምፒውተሮች የሚጠግነው ባዩ ሲጠራ መጣ። ነገሩን ሰምቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት፦

«ስትጫኚው የወልቂጤው ገጽ ስክሪኑን ሞልቶት ነበር ወይስ በመስኮት ውስጥ ነበር?»

ሞልቶት ነበር። ሁልጊዜ ሞልታው ነው የምትሠራው፤ የወልቂጤው ኮምፒውተር ስም የተጻፈባት ቀጭን ሰማያዊ መስመር ብቻ ከላይ ትታያለች።

ባዩ ከማስረዳት ይልቅ አሳያት። የውጭው መስመር ቢጠፋም የቅርንጫፉ ቢሮዎች እርስ በርስ በገመድ ይገናኛሉ። ከሷ ጠረጴዛ ሆኖ በሪሞት የራሱ ክፍል ወዳለው ኮምፒውተር ገባ፣ ገጹን ስክሪኑ ሙሉ አደረገና ሁለቱን ቁልፎች ተጫነ። የሷ ፎልደር ውስጥ ምንም አልገባም። ይዟት ወደ ክፍሉ ሄደ፤ ፎቶው እዚያ ባለው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ አገኙት። ተመልሰው ደግሞ ገጹን አሳንሶ በመስኮት አደረገውና እነዚያኑ ሁለት ቁልፎች ተጫነ። ይሄኛው እሷ ኮምፒውተር ላይ ወደቀ።

«ስክሪኑን ሲሞላ ቁልፉን የሚሰማው ያኛው ነው። ያንቺ ፎቶ ወልቂጤ ነው ያለው» አላት።

ሰልሚያ ደስታዋ ከደቂቃ አላለፈም። ለሰይዶ ደውላ ፎቶው የእሱ ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ነግራው እንዲፈልግላት ለመነችው። ስልኩን ሳይዘጋ ፈለገ። ፎልደሩ ባዶ ነው አላት። ደግሞ እንዲያይ ጠየቀችው፤ ደግሞ አየ፤ ባዶ ነው።

ስልኩን ዘጋችው። ስሙን የሰረዘው ሰይዶ ቢሆንስ? ፎቶውንም አሁን እኔው ነግሬው ቢያጠፋውስ?

ባዩ ግን በማን ስም እንደምትገባ ጠየቃት። «ቡታጅራ» በሚል ስም ነው የምትገባው። እንግዲያው ፎቶው ያለው በዚያ ስም ፎልደር ነው፤ ሰይዶ በራሱ ስም ገብቶ የራሱን ቢያይ አያገኘውም አላት። ፓስዎርዷን በስልክ ብትሰጠው ከፍቶ እንደሚያየውም ጨመረላት።

«አልሰጠውም» አለች ሰልሚያ፣ ቦርሳዋን እያነሳች። «ራሴ እሄዳለሁ።»

ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሃምሳ ደቂቃ ቆመ። አረቅጥ ላይ ጉም ወርዶ ሾፌሩ መብራት አብርቶ እየዳሰሰ ነዳ፤ ረዳቱ አሥር ጊዜ ሰው ያወርዳል፣ ይጭናል። እሷ ሰዓቷን ታያለች፣ ስልኳን ታያለች፣ ደግሞ ሰዓቷን። ሰይዶን በልቧ ስትከስሰው፣ ስትፈርድበት ሄደች። የሱ ዘመድ ትሆን በአደይ ቦታ የገባችው? ግን ማንም አልተጨመረም፤ አርባ ነው ያለው። እንግዲያ ለምን? አታትን አልፈው ጉብሬ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ሆነ። መኪና ቀይራ ወልቂጤ ስትገባ ምሳ አለመብላቷን እንኳ አላስታወሰችም።

ሰይዶ በሰላምታ ተቀበላት፤ ውሃ አመጣላትና ወንበሩን ለቀቀላት። እሷ ዐይኑን ሳታይ ተቀመጠች። በ«ቡታጅራ» ስም ገባች፣ የፎቶ ፎልደሩን ከፈተች።

እዚያ ነበሩ። የማክሰኞው ብቻ ሳይሆን፣ በስድስት ወር ውስጥ ያነሳቻቸው ሁሉ ተደርድረዋል። የመጨረሻውን ከፈተችው። ከታች ጥግ ላይ የወልቂጤው ኮምፒውተር ሰዓት ከነቀኑ ይታያል፤ በፈረንጅ አራት ከአርባ፣ በእኛ አሥር ከአርባ። ከመዘጋቱ ሃያ ደቂቃ በፊት ማለት ነው። አርባኛው መስመር ላይ ሆሳዕና የምትባል ሌላ ተማሪ፣ አርባ አንደኛው ላይ አደይ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች በለሆሳስ። ከዚያ ዐይኗ ወደ መለያ ቁጥሮቹ ሄደ።

ሆሳዕና 0417። አደይም 0417። የአደይ ትክክለኛ ቁጥር 0471 ነው፤ ሰልሚያ በቃሏ ታውቀዋለች። አሃዞቹን አገላብጣ ጽፋለች።

«ሰይዶ» አለችው፣ ዞር ሳትል፣ «ረቡዕ ከዝርዝሩ ያወጣኸው ስም ነበር?»

እንደ ቀላል ነገር ነገራት። አንድ ቁጥር ሁለቴ አይቶ፣ ተደግሞ የገባ መስሎት የኋለኛውን አጥፍቶታል። ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል። ስሞቹ እንደሚለያዩ ግን ልብ አላለም፤ ይህን ሲናገር ፊቱ ተለዋወጠ።

የአቶ ገብረወልድ ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ተሰማ። ሰልሚያ እጇ ማውሱ ላይ ነው። የቁጥሮቹን ዐምድ ቆርጣ ስሞቹንና ሰዓቱን ብቻ ማሳየት ትችላለች፤ የሰይዶ ጥፋት ብቻ ሆኖ ያልፋል። ሲገቡ ከወንበሩ ተነሳች። ፎቶው ሙሉውን ተከፍቶ ነበር።

«ገብታለች፤ ሰዓቱ ይኸው። ቁጥሯን ግን እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ ሰይዶ ተደግሞ የገባ መስሎት ነው ያጠፋው» አለቻቸው።

አጎንብሰው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቁጥሩን አስተካክለው የአደይን ስም እንዲመልስ ሰይዶን አዘዙት፤ ደብዳቤ ጻፉ፣ ማኅተም አደረጉና ወደ ምዘናው ጽሕፈት ቤት ራሳቸው ይዘው ሄዱ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ደውለው የአደይ ስም መግባቱን አሳወቁ። ለሰልሚያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደሚደርሳትም በዚያው ስልክ ነገሯት።

ለአደይ ደውላ ነገረቻት። ልጅቷ ለወላጆቼ ልደውል ብላ ስልኩን ዘጋች።

ወደ ቡታጅራ የሚመለስ መኪና ስላልነበረ አክስቷ ቤት ልታድር ወጣች። ሰይዶ እስከ ዋናው መንገድ ልሸኝሽ ብሎ አብሯት ሄደ። ጥፋቱን በሱ ላይ ስላልጣለችበት አመሰገናት፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይጥለው ነበር አለ። ሰልሚያ ከቡታጅራ እስክትደርስ በልቧ እንደ ከሰሰችው ልትነግረው ቃሉ አፏ ላይ ደረሰ። ባጃጅ መጣ። ሰይዶ እጁን አንስቶ አስቆመላትና ዋጋውን ተከራከረላት፤ እሷም ሳትነግረው ገባች።