የሦስተኛው ዓመት ስልሳ ሚሊዮን

ሩቲና ጀሚላ የተዋወቁት ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል ነው። ሩቲ ሒሳብ ክፍል ትሠራ ነበር፤ ጀሚላ ደግሞ የላውንደሪው ኃላፊ ነበረች። ተግባብተው ሥራቸውን ለቀቁና ጎተራ ላይ የሆቴሎችን አንሶላና ፎጣ የሚያጥብ ድርጅት ከፈቱ። ከከፈቱት ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን ሁለት ማሽን፣ አንድ መኪናና አምስት ደንበኛ ሆቴሎች አሏቸው። ዘንድሮ ስድስት ሚሊዮን ብር አስገብተዋል።

ለማስፋፋት ካዛንቺስ ያለ አንድ የኢንቨስትመንት ፈንድ ዘንድ አመለከቱ። ዕቅዱን የጻፈችው ሩቲ ናት። ጀሚላ ያየችው የመጨረሻውን ግራፍ ብቻ ነበር። አይታ «አልሐምዱሊላህ፣ ይሄን ካሳየን» ብላ የሩቲን ጉንጭ ሳመች።

የፈንዱ ገምጋሚ አቶ ልዑልቃል ይባላሉ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሻይ አስመጡላቸው፤ ስለ ሥራቸው ጠየቁ፤ ከዚያ ግራፉን ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ከፈቱት። መስመሩ ሁለት ዓመት መሬት ለመሬት ይሄድና ሦስተኛው ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

«የመጀመሪያው ዓመት ሰባት ሚሊዮን፣ ሁለተኛው ስምንት ተኩል» አሉ። «ሦስተኛው ስልሳ። እዚህ መሐል ምን ይፈጠራል?»

«ማለቴ… በሦስተኛው ዓመት ገበያው ይከፈትልናል ብለን ነው» አለች ሩቲ። «የአዲስ አበባን ሆቴሎች አንድ አምስተኛ ብንይዝ በሚል።»

«እሺ። በኪሎ ስንት ታስከፍላላችሁ?»

«አርባ ብር።»

«ስለዚህ ስልሳ ሚሊዮን ማለት በዓመት ስንት ኪሎ ነው?»

ሩቲ ካልኩሌተር አላስፈለጋትም። «አንድ ሚሊዮን ተኩል» አለች። የምትለውን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ይመስል ፊቷ ጋለ።

«ሦስት መቶ የሥራ ቀን ብንይዝ በቀን አምስት ሺህ ኪሎ ነው። የአንድ ማሽን አቅም በቀን ስንት ነው?»

«አራት መቶ።»

«ዕቅዱ ላይ ስንት ማሽን አለ?»

«አራት።»

አቶ ልዑልቃል ቁጥሩን አላባዙትም። ለሷ ተዉላት። በቀን አንድ ሺህ ስድስት መቶ ኪሎ። ሦስት ቀን የሚፈጀውን እጥበት በአንድ ቀን ያጥባሉ ብላ ጽፋለች።

«ሌላም አለ» አሉ አቶ ልዑልቃል። «አንድ ሆቴል በቀን ወደ መቶ ኪሎ ይሰጣችኋል። ለአምስት ሺህ ኪሎ ሃምሳ ሆቴል ያስፈልጋል። እስካሁን ያገኛችሁት አምስት ነው፤ ለሽያጭ የተመደበ ሰው ደግሞ አላየሁም። ገቢው ሰባት እጥፍ ሲሆን ደመወዙ፣ ውሃው፣ ነዳጁ ብዙም አልጨመረም። እንዲህ ያለ ትርፍ የሚያወጣ ላውንደሪ እኔ አላውቅም። እርስዎ ያውቃሉ፣ ወይዘሮ ጀሚላ?»

ጀሚላ ዞረች። ሩቲን ነበር የምታየው።

ሩቲ ሁሉንም ታውቅ ነበር። ማሽኑ በቀን ስንት ዙር እንደሚዞር፣ ውሃ ሲጠፋ ቦቴ ስንት እንደሚያስከፍል፣ አንድ ሆቴል እስኪፈርም አምስት ወር እንደሚያመላልስ። አንድ የሚያውቃት አማካሪ «ዝግ ብሎ የሚያድግ ነገር ፈንድ አያይልሽም፣ አንዱን ዓመት አስወንጭፊው» ብሏት፣ ስልሳውን ከራሷ አውጥታ ጻፈች። ምክንያቱን በኋላ ፈለገችለት። ያኔ ትንሽ ቅር ብሏት ነበር፤ በቃ፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው ብላ አለፈችው።

«ይቅርታ» አለች። «ቁጥሩ ከሥራው የመጣ አይደለም። እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

«ሥራችሁን አልጠላሁትም» አሉ ሰውየው። «ከማሽኑና ከሆቴሉ ተነስታችሁ ሥሩልኝ። ያኔ እንነጋገራለን።»

ውጭ ሲወጡ ታክሲ ለመያዝ በእግራቸው ሄዱ። ጀሚላ ሻሿን ደጋግማ ታስተካክላለች። መንገዱን ከተሻገሩ በኋላ ነው የተናገረችው።

«ኑሪን ሥራ አስለቅቄዋለሁ።»

ኑሪ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር።

«መቼ?»

«ግራፉን ያሳየሽኝ ሳምንት። አዲሶቹ መኪኖች ሲመጡ አንዱን ትይዛለህ አልኩት። ሩቲ አስልታዋለች፣ አልኩት።» ወደ ሩቲ ዞራ «ለምን አልጠየቅሽኝም፣ ሩቲዬ? አንድ ቃል ብትይኝ እኮ…» አለችና ተወችው።

ሩቲ አስፋልቱን እያየች ሄደች። ጀሚላ ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ጎተራ፣ ከማሽኖቹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቢሮ፣ አዲስ ፋይል ከፈቱ። ስለ ከተማው ገበያ አንድ መስመር አልጻፉም። አንድ ሆቴል በዓመት አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ብር ያስገባል። አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ቢቀጥሩ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሆቴል፣ ከዚያ በየዓመቱ ሦስት ያመጣል አሉ። አዲሱ ሆቴል በዓመቱ መሐል ስለሚገባ የዚያን ዓመት ግማሹን ብቻ ቆጠሩ። በሦስተኛው ዓመት መሐል አንድ ሆቴል ጥሎን ይሄዳል ብለውም ያዙ።

«ሁልጊዜ አንዱ ይሄዳል» አለች ጀሚላ።

የሦስቱ ዓመታት ገቢ ሰባት ነጥብ ሁለት፣ አሥር ነጥብ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ነጥብ ሁለት ሚሊዮን ሆነ። ሦስተኛው ማሽን ሁለተኛው ዓመት ላይ የግድ ነው፤ ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ እሱም ይሞላል። ሠራተኛው፣ ውሃው፣ ነዳጁ ከኪሎው ጋር አብሮ እንዲያድግ አደረጉ። ትርፉ ሲሳሳ ሩቲ ሦስት ጊዜ ያህል አይታ ምንም ሳትነካው ተወችው። ሁለተኛ መኪና እስከ ሦስተኛው ዓመት አላስፈለገም። ሩቲ ያንን መስመር ስትሰርዝ ጀሚላ ተነስታ ወደ ማሽኖቹ ሄደች።

ሩቲ ተከተለቻት። «ለኑሪ እኔ ልንገረው።»

«አንቺ ነሽ መንገር ያለብሽ» አለች ጀሚላ፣ ፎጣ እያጠፈች።

ኑሪን የጀሚላ ቤት፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ አገኘችው። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፤ ለሥራ የጠሩት መስሎታል። ሩቲ ቆማ ነገረችው፦ ቁጥሩ ውሸት እንደነበር፣ የጻፈችው እሷ እንደሆነች፣ እህቱ እንደማታውቅ፣ መኪናው ቶሎ እንደማይመጣ።

ኑሪ አቋረጣት። «ምንም አይደል፣ እህቴ» አለ። «ሥራ ነው፣ ያጋጥማል።» ከዚያ ወንበር አቀረበላት። እሷ ግን መቀመጥ አልቻለችም። ኑሪ እንዳታፍር ብሎ እየጣረላት ነበር፤ ያ ነው የባሰባት። የድሮ ቀጣሪው በቦታው ሌላ ሰው እንደቀጠረ የሰማችው ቆይታ ከጀሚላ ነው።

አቶ ልዑልቃል አዲሱን ዕቅድ ብዙ ጠየቁበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሆቴሎች እነማን ናቸው፣ ማን አነጋገራቸው፣ ዋጋ ቀንሱ ቢሏችሁስ። ሩቲ የምታውቀውን መለሰች፤ የማታውቀውን «አላውቅም» አለች። በመጨረሻ ፈንዱ ከጠየቁት ገንዘብ ሲሶውን ፈቀደ፤ ለአንድ ማሽንና ለሽያጭ ሠራተኛ የሚበቃ።

ሲወጡ ሩቲ የሽያጩን ሥራ ለኑሪ እንስጠው ወይ ብላ ጠየቀች።

«ሾፌር ነው፣ ሩቲዬ። ሆቴል ሄዶ ምን ይላል?» አለች ጀሚላ። «ለሱ ብለሽ ሌላ ቁጥር አትፍጠሪ።»

ሩቲ አንገቷን ደፋች። ኑሪ ከሁለት ወር በኋላ የሌላ ሰው ሚኒባስ ይዞ በጎተራ መስመር መሥራት ጀመረ፤ በመንገድ ሲያያት ጡሩምባ ያሰማታል። እሷም እጇን ታነሳለታለች፤ መኪናው ውስጥ ግን ገብታ አታውቅም።