መሳቢያ ውስጥ የቀረው ስም

ትንሿን ክብ ያየኋት ልጄ ዝላቲና ንግግሯን ካጋመሰች በኋላ ነው። ግድግዳው ላይ በበራው ምስል፣ «ስቬቱልካ» ከሚለው የኩባንያችን ስም ጫፍ ላይ ዝንብ የምታክል ክብ ተቀምጣለች፤ በውስጧ አንድ ፊደል አለ። ትርጉሟን ዝላቲና ነግራኝ ነበር፤ «ስሙ ተመዝግቧል ማለት ነው፣ እማ። ሳይመዘገብ ክቧን ማድረግ ክልክል ነው።»

የንግድ ምልክት መዝጋቢው ቢሮ ደብዳቤ ወጥ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ፣ ከሻማና ከክር ጋር፣ ሳይከፈት ተኝቷል።

የኩባንያው አድራሻ የእኔ ቤት ነው። ስሙን ፖስታ ሣጥኔ ላይ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። ደብዳቤው የመጣው በኅዳር ነበር። ማኅተም ያለበት ወረቀት መልካም ዜና ይዞ ቤቴ ገብቶ አያውቅም፤ ባሌ ከፋብሪካ የተባረረው በእንዲህ ዓይነቱ ነው። ንግግሯ ይለፍና እሰጣታለሁ ብዬ ደበቅሁት። «ከቢሮው የመጣ ነገር አለ?» ስትለኝ «ምንም» አልኳት። ተቃዋሚ ካልመጣ ስሙ የኛ ይሆናል ስትል ሰምቻለሁ፤ የኔን «ምንም» ይዛ ነው ክቧን ያስቀመጠችው። ዛሬ ጠዋትም መንገዷ ይቅና ብዬ ደጃፌ ላይ ውሃ አፍስሼ ሸኘኋት።

እኔ የመጣሁት በብልቃጥ የምንሸጠውን የሕፃናት ምግብ ለማቅመስ ነው፤ መጀመሪያ የቀቀልኩት እኔ ነኝና። ድሮ የትምባሆ መጋዘን በነበረው አዳራሽ ኩባንያው ላይ ሦስት መቶ ሺህ ዩሮ እንዲያፈሱ የተጠሩ ስምንት ባለገንዘቦች ተቀምጠዋል። የከተማችን የፕሎቭዲቭ ጸሐይ በመስኮቱ ገብታ ምስሉን ታደበዝዛለች፤ ክቧ ግን አትደበዝዝም።

«ዱባ ማንም ይቀቅላል» ትላለች ልጄ። «ብልቃጣችንንም ድረ ገጻችንንም በሦስት ወር የሚቀዳ ይኖራል። የማይቀዳው ግን ስማችን ነው። ከመቶ ገዢዎቻችን ስልሳ አንዱ ማስታወቂያ ጎትቷቸው አይደለም የሚመጡት፤ ስማችንን ራሳቸው ጽፈው ነው። ዋጋችን ከሌላው ብልቃጥ በአንድ አምስተኛ ይወደዳል፤ ግን ይመለሳሉ። ባለፈው ክረምት ካሮት ሲበላሽብን እኛው ቀድመን ተናግረን ሰበሰብነው፤ የቀሩብን አራት እናቶች ብቻ ናቸው። ስም ለእኛ የበር ቀለም አይደለም። ቁልፉ ነው።»

ኦግኒያን ቬልቼቭ የሚባሉት፣ ሌሎቹ ሁሉ ከመወሰናቸው በፊት ፊታቸውን የሚያዩት ሽማግሌ፣ ሣቁ። «ቀለም ሊሸጡልኝ የመጡ ብዙ አይቻለሁ፣ ልጄ። ቁልፍ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እና ቁልፉ በማን እጅ ነው?»

«በኩባንያው። ተመዝግቧል።»

አጠገባቸው የተቀመጠችው ጠበቃቸው ኮምፒውተሯን መነካካት ጀመረች። መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው።

«ማመልከቻው አለ፣ ምዝገባው የለም» አለች ጠበቃዋ። «በቫርና ከተማ ያለ ብስኩት አምራች ቀድሞ ያስመዘገበው ስም ነው ብሎ ተቃውሟል። መልስ አልተሰጠውም። ቀኑ አልፏል።»

ዝላቲና ወደ ክቧ ዞረች። ከዚያ ወደ እኔ።

«ደብዳቤውን እኔ ነኝ የደበቅሁት!» አልኩ ቆሜ። «እሷ አታውቅም፣ ጌታዬ!»

«እናቴም እንዲሁ ነበሩ፣ እሜቴ» አሉ ቬልቼቭ፣ በትሕትና። «ግን እናቴ ላይ ገንዘብ አላፈሰስኩም።» ወረቀታቸውን አጠፉ። «ዋጋ የሰጠሁት ለስሙ ነበር፣ ልጄ። ብልቃጥ እኔም ቤት አለ።»

ሦስት መቶ ሺህ ዩሮው በዚያው ቀረ።

ቤት እንደገባን ዝላቲና መሳቢያውን ራሷ ሳበችው። ኮቷን ሳታወልቅ ቆማ አነበበች፤ የአይብ ቂጣችንን፣ ባኒጻ አቀረብኩላት፣ አልነካችም።

«የብስኩት አምራቹ ምዝገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው» አለች። «በዚህ ስም ብስኩት ያየ ሰው የለም። አምስት ዓመት ያለፈውን ምልክት፣ ‹በእውነት ትሠራበታለህ? ማስረጃህን አምጣ› ማለት ይቻላል። ማስረጃ ካጣ ተቃውሞው ይወድቅ ነበር። አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ እማ! በጊዜው አንድ ገጽ!»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።»

«የደነገጥሽው አንቺ ነሽ። እኔማ ለመደንገጥ እንኳ አልደረስኩም።» ደብዳቤውን አጠፈችው። «ጥፋቱ የኔም ነው። መዝገቡን ማየት ነበረብኝ። ያንቺን ‹ምንም› አመንኩ።»

ከዚህ ይልቅ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ስሙስ?»

«ሌላ እንፈልጋለን። ስልሳ አንዱም ሰው ደግሞ ከዜሮ ይለምደዋል።» ወደ በሩ ሄደች። «የኩባንያውን አድራሻ ነገ ወደ አንድ ጠበቃ ቢሮ አዛውራለሁ።»

«እራት ሳትበዪ?»

«አልራበኝም።»

ደረጃውን ስትወርድ ሰማሁ፤ ከዚያ ከታች፣ ከፖስታ ሣጥኑ ላይ የስሙ ወረቀት ሲላጥ። ጠዋት ያፈሰስኩት ውሃ ደጃፉ ላይ ደርቋል። ተመልሼ ጠረጴዛውን ሳይ እጇ ላይ የነበረውን የቤቴን ቁልፍ ከባኒጻው አጠገብ አስቀምጣው ሄዳለች።

ድንገት ብትመጣ ብዬ የላይኛውን መቀርቀሪያ ማታ ማታ አልዘጋውም ነበር፤ ከውስጥ ከተዘጋ በቁልፍ አይከፈትም። ተጠባበቅሁ። እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት የሚሠራው ጎረቤት ገባ፣ የደረጃው መብራት ጠፋ። መቀርቀሪያውን ዘጋሁት።