የሰዓድ ረጅም ዱዓና የጋዙ መኪና

ሰዓድ ዱዓ ከጀመረ ወጥ ይቀዘቅዛል፤ ባለቤቱ ዋፊቃ ሁልጊዜ የምትለው ነው። ያለ ዱዓ ግን ፍየል እንኳ ገዝቶ አያውቅም።

አሁን መኪና ሊገዙ ነው። ልጃቸው ኑሰይባ መቂ ወልዳለች፤ ዋፊቃም የልጅ ልጇን በፈለገች ጊዜ ሄዳ ማቀፍ ትፈልጋለች። በቤንዚን ወረፋ የተማረሩት ባልና ሚስት፣ በቡታጋዝ እንዲሄድ የተቀየረ አሮጌ ኮሮላ አዳማ ውስጥ መገኘቱን ሲሰሙ ልባቸው ቋመጠ።

ደላላው ኡበይደላ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ እየነዳ መጥቶ ባልና ሚስቱ ከሚጠብቁበት ከኢተፋ ጋራዥ ደጃፍ አቆመው። ኢተፋ የሰዓድ የድሮ ወዳጅ፣ መካኒክ ነው።

«እስቲ በቤንዚን አስነሳው» አለ ኢተፋ።

«ቤንዚን የለውም። በጋዝ ነው የሚነሳው።»

«በደንብ የተሠራ ከሆነ እኮ በቤንዚን ተነስቶ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ነው ወደ ጋዝ የሚያልፈው። ታንከሩ ደርቆ ከርሞ ከሆነ የቤንዚን ፓምፑም ተቃጥሎ ይሆናል።»

«አንተ ደግሞ ሙሽራ የምትመርጥ ነው የምትመስለው» ብሎ ኡበይደላ ሳቀ።

ዋፊቃ ግን መኪናውን ወዳዋለች። ነፋስ አቧራ ሲያነሳ ወንበሩ እንዳይቆሽሽ ብላ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋች። ሰዓድም «በሉ፣ ዱዓ እናድርግ» አለ።

እጃቸውን ዘርግተው ፀሐይ ላይ ቆሙ። ሰዓድ ለመንገዱ ለመነ፤ ለአራሷ፣ ለጎረቤት፣ ለታመመ ሁሉ።

«ሰዓድ፣ ፀሐዩ» አለች ዋፊቃ ቀስ ብላ።

«አሚን በይ» አላት፤ ቀጠለ።

ሲጨርስ ዋፊቃ የኋላውን በር ከፈተች። እጇን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። «ሳይዘጋ የተረሳ የጋዝ ምድጃ ነው የሚሸተው።»

«ማንም ክብሪት እንዳይጭር። ሞተሩንም አትንኩ» አለ ኢተፋ። በሮቹን ሁሉ ከፍቶ እስኪናፈስ ጠበቀ። ከዚያ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ባለው የጋዝ ሲሊንደር አንገት ላይ የሳሙና ውሃ ቀባ። አረፋው በሚያመልጠው ጋዝ መፍላት ጀመረ።

«እትዬ ዋፊቃ፣ ይሄ የመኪና ሲሊንደር አይደለም፤ የወጥ ቤት ነው፣ ቀለም የተቀባ። የመኪናው ሲሞላ ጫፍ ሳይደርስ ራሱ ያቆማል፤ ጋዙ በሙቀት ሲያብጥ ቦታ እንዲያገኝ። ይሄ አያቆምም። በዚህ በእኛ ሙቀት አስቢው።»

«የጋዝ መኪና አይገዛም ማለት ነው?» አለች፤ ድምጿ ወረደ።

«ይገዛል። ትክክለኛ ሲሊንደር፣ የምርመራ ቀን የተመታበት፣ የገጠመው ሰው የሚታወቅ፣ በቤንዚንም በጋዝም የሚሄድ ከሆነ እኔው እመርጥልሻለሁ።»

ኡበይደላ ዋጋ መቀነስ ጀመረ። ሰዓድ ትከሻውን መታ አደረገው። «ልጄ፣ ለመኪናው ባለቤት ንገረው፤ እንዳይሸጠው ብቻ ሳይሆን እንዳይነዳውም። አንተም ወደ ቤትህ በእግርህ ሂድ።»

በባጃጅ ሲመለሱ ዋፊቃ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«ተከፋሽ?»

«መቂ በሚኒባስም ይደረሳል።» የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «መስኮቱን ዘግቼ ሽታው እንዲታፈን ያደረግሁት እኔ ነኝ ደግሞ። ሁሉ በአንተ ዱዓ እንዳይመስልህ።»

«ለሚቀጥለው መኪና አሳጥረዋለሁ» አለ ሰዓድ።

«እስቲ ሞክር» አለችው።