«ናት» እና «ነበረች»

ምላሷ ስለት ስለሆነ የማተሚያ ቤቱ ሰዎች «ምላጭ» የሚሏት አርታኢ፣ የአንድ ጡረተኛ ሹፌር የሕይወት ታሪክ ስታርም ተማረረች። ሰውየው የድሮውን ሲተርኩ «ነዳሁ፣ ተገለበጥኩ» ይላሉ፤ ደህና። ዛሬ ላይ ሆነው አስተያየት ሲሰጡ ግን ያው ኃላፊ ጊዜ ይዟቸው ይሄዳል፦ «ባለቤቴ ሳቂታ ነበረች።»

«አባባ፣ ያለፈው በኃላፊ ይሁን፤ ዛሬም ያለው ደግሞ በአሁን ይጻፍ። ምነው ሴትዮዋን በቁማቸው ቀበሯቸው?» አለቻቸው።

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እሷም በየአስተያየቱ «ነበረች»ን «ናት» አደረገችው።

መጽሐፉ ሊታተም ሲል ጥቁር ለብሰው መጡ። ባለቤታቸው በድንገት አርፈው ነበር።

«ልጄ፣ እንደነበረው መልሽው» አሏት።

እስክሪብቶዋን አነሳች። ትረካው እርማት አላስፈለገውም፤ እዚያ ሴትዮዋ ድሮም በኃላፊ ነበሩ። አስተያየቶቹ ላይ ግን «ናት»ን እየሰረዘች «ነበረች» ስትል፣ እጇ ለምዶ «ዛሬም ትዝ ሲለኝ ይገርመኛል» የሚለውንም ሊሰርዝ ሄደ።

ሽማግሌው እጇን ያዙት።

«እሱን ተይው» አሉ። «እኔማ አለሁ።»